ና የአንገረብ ውኃ

ቧንቧው አፏጨና አየሩን አስወጣ፣
ተነሽ እህት ዓለም፣ ፈረቃችን መጣ!
ፊተኛው ድፍርስ ነው፣ ለጎመኑ ይሁን፣
ጠራልን ኋለኛው፣ እንሙላው ሮቶውን።

አዝማች፦
ኩልል በል ኩልል በል፣ ና የአንገረብ ውኃ፣
ጀሪካኑ ቆሟል ከአራዳ እስከ ቀሃ።
እሰይ ና፣ እሰይ ና፣ ደጃችን ግባልን፣
ጉሮሯችን ይራስ፣ ልጅ አይታመምብን።

ጀሪካኑን አጠብኩ፣ ጠጠር ከትቼበት፣
በትከሻ ወረድኩ እየነቀነቅኩት።
አረንጓዴው ለቆ ውስጡ ጥርት ሲል፣
እሜቴ ጎረቤት እልል አለች፣ እልል!
ለልጄ አፈላሁት፣ እስኪበርድ ጠበቅኩ፣
እንስራዬን ከደንኩ፣ ጣሳውን ሰቀልኩ።

(አዝማች)

መገጭ ላይ ግድቡ ከፍ ከፍ ይላል፣
ልጄም ከፍ ስትል ደጃችን ይደርሳል።
ያን ቀን ጀሪካኑን ጀርባዋ አይሸከም፣
ደብተር ይዛ ትሂድ፣ ደወሉ አያልፋትም።

(አዝማች)

ጥር ላይ ፋሲል ገንዳ ለጥምቀት ሲሞላ፣
እንግዳ ይመጣል፣ ቡናችን ይፈላ።
እጁን ላስታጥበው፣ ኮለል እያለለት፣
በቃኝ እስኪለኝ ድረስ ደግሜ ልቅዳለት!