የ9ኛ ክፍል ባዮሎጂ የጥናት ማጠቃለያ፦ ኦስሞሲስ

ዲፊውዥን፦ ቅንጣቶች ከበዙበት ቦታ ወደ አነሱበት መሰራጨታቸው። የቀለም ጠብታ በረጋ ውሃ ውስጥ ቀስ እያለ የሚበተነው በዚህ ነው።

ሰሚፐርሚየብል ሜምብሬን፦ አንዱን አሳልፎ ሌላውን የሚያስቀር ስስ ሽፋን።

ኦስሞሲስ፦ ውሃ እንዲህ ያለውን ሽፋን አልፎ፣ የሟሟው ነገር ካነሰበት ወደ በዛበት ሲሄድ። ብዙ ተማሪ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ጥያቄው "ሃይ ኮንሰንትሬሽን" ሲል የበዛው ውሃው ነው ወይስ ጨው ወይም ስኳሩ? መልስ ከመምረጣችሁ በፊት ይህን ለዩ። የሚጓዘው ውሃው ነው፤ የሚሄደውም ውሃ ከበዛበት ወደ አነሰበት።

ቤት ሞክሩት፤ ከማንበብ ይልቅ በእጅ የነኩት አይረሳም። ጥሬ ድንች በቀጭኑ ቆርጣችሁ አንዱን ንጹሕ ውሃ ውስጥ፣ ሌላውን ብዙ ጨው በሟሟበት ውሃ ውስጥ አስቀምጡ። ከጥቂት ሰዓት በኋላ የመጀመሪያው ጠጠር ብሎ፣ ሁለተኛው ልፍስፍስ ብሎ ታገኙታላችሁ።

ተርጂድ፦ ውሃ ሞልቶት የተወጠረ ሴል።

ፍላሲድ፦ ውሃ አጥቶ የላላ ሴል።

ሴል ዎል፦ የዕፅዋት ሴል ጠንካራ የውጭ ግድግዳ። የእንስሳ ሴል ይህ ስለሌለው፣ ቀይ የደም ሴል ንጹሕ ውሃ ውስጥ ሲገባ አብጦ ይፈነዳል።