ማስታወቂያ፦ የጌም ዕድሜና የሥራ ሰዓት

ለደንበኞቻችንና ለወላጆች በሙሉ

ከፊታችን ሰኞ ጀምሮ በኢንተርኔት ቤታችን ጌም የሚከፈተው በዕድሜ ነው። መለኪያችን ሲዲው ሽፋን ላይ ያለው ፔጊ የሚባለው የዕድሜ ቁጥር ነው፤ 3፣ 7፣ 12፣ 16 ወይም 18። ቁጥሩ ጌሙ ምን ያህል እንደሚከብድ አይናገርም፤ ውስጡ ያለውን ደም፣ ስድብና የመሳሰለውን ነው የሚመለከተው። ስለዚህ «ልጄ ጎበዝ ነው፣ ትልልቆቹንም ያሸንፋል» የሚሉን ወላጆች እውነታቸውን ነው፤ ግን ጂቲኤ አንከፍትለትም።

ፊፋ 3 ስለሆነ ማንም ይጫወታል። ማይንክራፍት ከ7 ዓመት፣ ፎርትናይት ከ12 ዓመት ጀምሮ ነው። ተከን 7 እና ፐብጂ ለ16 እና ከዚያ በላይ ናቸው። ጂቲኤ (ሳን አንድሪያስም ጭምር)፣ ሞርታል ኮምባት ኤክስ እና ካውንተር ስትራይክ ከ18 በታች ለሆነ አይከፈቱም። እነዚህ ያሉት ከጠረጴዛዬ አጠገብ ባሉት ሁለት ኮምፒውተሮች ላይ ብቻ ነው። ዕድሜው ያጠራጠረን መታወቂያ ያሳያል፤ የታላቅ ወንድም መታወቂያ አይሠራም፣ ፎቶውን እናያለን።

«እኔ ሰው አልገድልም፣ መኪና ብቻ ነው የምነዳው» የሚለውን በየቀኑ እንሰማለን። መኪና መንዳት ለፈለገ ፎርዛ ሆራይዘን 4 አለ። 3 ነው፣ መኪናዎቹም ከጂቲኤው ያምራሉ።

ፊፋ ላይ ብር አሲዞ መጫወት ለማንም ክልክል ነው። የጌሙን ሂሳብ «ተሸናፊ ይከፍላል» የሚባለውን ለትልልቆቹ እንተወዋለን፤ ልጆች ግን እያንዳንዳቸው የራሳቸውን ይክፈሉ። የምሳ ብሩን ተበልቶ እያለቀሰ የሚወጣ ልጅ ማየት አንፈልግም።

ሰዓት፦ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ከጠዋቱ 2:00 እስከ ምሽቱ 3:00 ክፍት ነን። ዓርብ ለጁምዓ ከ6:00 እስከ 8:00 እንዘጋለን። እሑድ የምንከፍተው ከቀኑ 7:00 ጀምሮ ነው። ከ18 ዓመት በታች የሆነ ሁሉ 12:00 ሲሆን ይወጣል፤ «ይቺን ጌም ልጨርስ» አይሠራም፣ 10 ደቂቃ ሲቀረው አስቀድመን እንነግረዋለን።

ዩኒፎርም ለብሶ ጌም የለም፤ የጠዋት ፈረቃም ይሁን የከሰዓት፣ መጀመሪያ ቤት ሄዶ ልብስ ይቀየር። አሳይመንት ለመጻፍ፣ ፕሪንት ለማድረግ ወይም ለመመዝገብ የመጣ ተማሪ ግን በዩኒፎርሙ ይግባ። ወረፋም አይጠብቅም፣ ጌም የያዘው ይነሳለታል።

መብራት ሲጠፋ የቀረው ደቂቃ ደብተር ላይ ይመዘገባል፤ በማግስቱም መጠቀም ይቻላል። ብር አንመልስም።

ልጁ እዚህ መምጣቱን የማይፈልግ ወላጅ ራሱ መጥቶ ይንገረን፣ አናስገባውም። ልጁ ምን እንደሚጫወት ማየት የሚፈልግም ገብቶ አጠገቡ ይቀመጥ፤ ወንበር አናስከፍልም።

ባለቤቱ
ጅማ፣ መርካቶ