የጋሼ መብራት፦ ሥዕሉ ስለጠፋ በዝርዝር ጻፍኩት

ሰላም ወንድሞቼ፣

ኤሌክትሪክ ሲጠፋ በባትሪ ስለሚበራው የጋሼ መብራት ማክሰኞ ማታ በስልክ አንድ ሰዓት ሙሉ ስንጨቃጨቅ ቆይተን ምንም ላይ አልደረስንም። እኔ «ከላይ ያለው ዳዮድ» ስል አንዳችሁ የታችኛውን ያስባል፣ ሌላው ደግሞ ትራንስፎርመሩ አጠገብ ሄዷል። ሦስታችንም የየራሳችንን ሥዕል በጭንቅላታችን ይዘን ነው የምናወራው። እውነተኛው የሰርኪዩት ሥዕል ግን የለም።

ጋሼ በእርሳስ ስሎ ክዳኑ ውስጥ የለጠፈውን ወረቀት ታስታውሱታላችሁ። ባትሪው አፍስሶ አሲዱ በልቶታል። ስከፍተው እንደ ረጠበ እንጀራ እጄ ላይ ተበጣጠሰ። የተረፈችው አንዲት ጥግ ናት፤ እሷም ላይ በጋሼ እጅ ጽሑፍ «7.5» ብቻ ይላል። የምን 7.5 እንደሆነ በኋላ እመጣበታለሁ።

ስለዚህ ቦርዱን ገልብጬ፣ ቴስተሩን ቢፕ ላይ አድርጌ መስመር በመስመር ተከታተልኩ። ሥዕል ብስል እንደገና የእኔን አስተያየት ነው የምልክላችሁ። ዝርዝር ይሻላል፤ የተሳሳተ መስመር ካለ ጣታችሁን የምታሳርፉበት ቦታ አለ።

እያንዳንዱ የመገናኛ ነጥብ በፊደል ተሰይሟል። አንድ ፊደል ያላቸው እግሮች ሁሉ አንድ ላይ የተበየዱ ናቸው። ሐ፣ ሠ፣ ሸ፣ ቸ እና ኀን ሆን ብዬ ዘልያለሁ፤ በስልክ ከሀ፣ ከሰ እና ከተ ጋር ይምታታሉ። ቀስቱ የዳዮዱን አቅጣጫ ያሳያል፤ ቀለበቱ ያለው በቀስቱ ጫፍ በኩል ነው። ሀ የባትሪው ኔጌቲቭ፣ ማለትም የጋራው መስመር ነው።

```
F1   ፊውዝ 100mA       በ220V መግቢያ ላይ
T1   220V / 9V 500mA   ውጤቱ x እና y
D1   1N4007            x → ለ
D2   1N4007            y → ለ
D3   1N4007            ሀ → x
D4   1N4007            ሀ → y
C1   1000uF 25V        + ለ፣ − ሀ
U1   LM317             1 ረ፣ 2 መ፣ 3 ለ
R1   240               መ – ረ
R2   1.2k              ረ – ሀ
D5   1N4007            መ → ሰ
R3   ???               ሰ – ቀ
BAT  6V 4.5Ah          + ቀ፣ − ሀ
D6   1N4148            ??? → በ
R4   1k                በ – ሀ
Q1   BD140             E ቀ፣ B በ፣ C ተ
S1   ማብሪያ ማጥፊያ       ተ – ነ
R5–R12   150           ከነ፣ ለእያንዳንዱ ኤልኢዲ አንድ
LED1–8   ነጭ            ከየሬዚስተሩ → ሀ
```

አሠራሩን ታውቁታላችሁ፤ መብራት ሲኖር ባትሪው ይሞላል፣ ሲጠፋ ኤልኢዲዎቹ ይበራሉ። ከF1 እስከ C1 ያለው ተራ ነገር ስለሆነ አልፈዋለሁ። ሁለቱ የጥያቄ ምልክቶች ናቸው ጉዳዬ።

መጀመሪያ ግን «7.5»። LM317 በመ እና በረ መካከል ሁልጊዜ 1.25 ቮልት ይጠብቃል። ስለዚህ፦

```
1.25 x (1 + 1200/240) = 7.5
```

የወረቀቷ ጥግ ይኸው ነው፤ የመ ቮልቴጅ። ከዚያ D5 ወደ 0.7 ሲወስድ ባትሪው ጋ 6.8 ይደርሳል። 6 ቮልት የሆነ የታሸገ ባትሪ ሁልጊዜ ተሰክቶ እንዲቆይ የሚፈለገው ልክ ይህ ነው። ስለዚህ R1 እና R2ን በትክክል እንዳነበብኩ እርግጠኛ ነኝ። እውነቱን ለመናገር ያቺን ስሌት ስጨርስ ጋሼ ከጀርባዬ የቆመ መሰለኝ።

አሁን R3። ነዷል። የቀለም ቀለበቶቹ አንድ ላይ ቡኒ ሆነዋል። ቴስተሩ 11 ኦም ይላል፤ ግን የነደደ ሬዚስተር የሚናገረውን ማን ያምናል። ማክሰኞ አንዳችሁ «2.2 ነበር» ብላችኋል። እስቲ እናስላው። ባትሪው ደክሞ 5.8 ላይ ቢደርስ R3 ላይ 1 ቮልት ይቀራል። በ2.2 ኦም ከ450 ሚሊአምፔር በላይ ይሄዳል። ትራንስፎርመሩ 500 ነው ብትሉኝ፣ እሱ የኤሲ ቁጥር ነው፤ በብሪጅ እና በካፓሲተር ካለፈ በኋላ 300 አካባቢ ቢሰጥ ነው ደህናው። 4.7 ቢሆን 210 ገደማ ይሆናል። ባትሪው ቀስ ብሎ ይሞላል እንጂ ምንም አይጋልም። ምናልባት 2.2 ስለነበረ ይሆናል የነደደው፤ ያ ከሆነ የጋሼ ስህተት ነው ማለት ነው፣ እሱም እንደኛ ሰው ነበር። እኔ 4.7፣ 1 ዋት ላደርግ ነው። ተቃውሞ ካለ ከቁጥር ጋር።

ትልቁ ጭቅጭቅ D6 ነው። ቀለበቱ ያለበት ጫፍ ነጥብ በ ላይ መሆኑ ግልጽ ነው። ሌላኛው ጫፍ ጋ ግን መዳቡ አረንጓዴ ሆኖ ተበልቷል፤ አንድ ጣት የሚያህል መስመር የለም። ከተበላው ወዲያ ሁለት የተቆረጡ ጫፎች አሉ፤ አንዱ ወደ ለ ይሄዳል፣ አንዱ ወደ መ። ሁለታችሁም ማክሰኞ «ለ» የምትሉት እንደነበር አሁን ገብቶኛል፤ «ከካፓሲተሩ ነው የሚመጣው» ስትሉ።

እኔ መ ነው የምለው። ምክንያቴ ይኸውና። ጭነት ሳይኖር ለ ላይ 13.8 ቮልት ለካሁ። D6 ከዚያ ቢነሳ ነጥብ በ 13 አካባቢ ይሆናል፣ ነጥብ ቀ ደግሞ 6.8። የBD140 ቤዝ ከኤሚተሩ በ6 ቮልት በላይ ተገለበጠ ማለት ነው፤ የሚችለው 5 ነው። ከመ ቢነሳ ግን በ እና ቀ ሁለቱም ከመ በአንድ ዳዮድ ያነሱ ናቸው። መ ከፍ ቢል ሁለቱም ከፍ ይላሉ፣ ዝቅ ቢል ሁለቱም ዝቅ። ትራንዚስተሩ ተዘግቶ ይቀመጣል። እንዲህ ያለ ነገር የሚያስብ ጋሼ ነው።

እንግዲህ ያልተፈታው ችግር፦ D6ን በሽቦ ከመ ጋር አገናኝቼ ስሰካው መብራት እያለም ኤልኢዲዎቹ ደብዘዝ ብለው ይበራሉ። እንደ ሻማ ጭል ጭል። መ ላይ ቴስተሩ 7.3 ያሳያል፣ ደህና ይመስላል። ግን ቴስተር አማካዩን ነው የሚነግረን። የC1 አናት ትንሽ ተነፍቷል። አቅሙ ወርዶ ከሆነ ለ በሰከንድ 100 ጊዜ ወደ ታች ይጠልቃል፤ ያኔ መ አብሮ ይወርዳል፣ በ ይከተለዋል፣ ባትሪው ግን ነጥብ ቀ ባለበት እንዲቆይ ይይዘዋል። በዚያች ቅጽበት Q1 ይከፈታል። ዓይናችን የሚያየው ድብዝዝታ የዚያ ድምር ነው ብዬ ጠርጥሬአለሁ።

ስትመልሱልኝ በፊደልና በቁጥር አድርጉት፤ «R4 ከበ ወደ ሀ ሳይሆን…» በሉኝ እንጂ «ያ በግራ በኩል ያለው» የሚል እንዳልሰማ። አንዳችሁ ያኔ የሠራችሁት ሁለተኛው መብራት እናታችሁ ቤት ካለ፣ ክፈቱትና D6 ከየት እንደሚነሳ ብቻ እዩልኝ። ግን መጀመሪያ ከሶኬት ንቀሉት፤ F1 ጋ ያለው 220 ነው።

እኔ ነገ ጠዋት አዲስ 1000 ካፓሲተር ከC1 ጎን፣ + ለ፣ − ሀ አድርጌ በይጄ አየዋለሁ። መብራት ከመጣ ማለቴ ነው።