ለመግቢያ ቁጥር 47፦ ፎቶዎ ለምን ሁለተኛ ወጣ

ውድ ተወዳዳሪ፣

በዘንድሮው የበዓላት ፎቶግራፍ ውድድር ሁለተኛ ስለወጡ እንኳን ደስ አለዎት። ጥር 11 ጎንደር፣ ፋሲለደስ መዋኛ ላይ ያነሱት ፎቶ ከ90 ነጥብ 81 አግኝቷል፤ አንደኛው 84 ነው። ሦስቱ ነጥቦች የት እንደቀሩ በዝርዝር የምንጽፍልዎ ልዩነቱ በቀላሉ የሚስተካከል ስለሆነ ነው።

ውሃው ከተባረከ በኋላ የሚዘሉ ወጣቶች ፎቶ ብዙ ይደርሰናል፤ አብዛኛው የሚያሳየው ዘላዩን ብቻ ነው። እርስዎ ግን ልጁ ውሃውን ሊነካ ሲል፣ ከግንቡ ሥር በጥላ የቆሙት አረጋዊ ካህን ፈገግ ያሉበትን ቅጽበት አብረው ይዘውታል። የልጁ የተዘረጋ ክንድ ዓይናችንን በቀጥታ ወደ ካህኑ ይወስደዋል፤ ግንቡን አቅፎ የያዘው የዛፍ ሥር ደግሞ ቦታውን ያለ ጽሑፍ ይናገራል። በቅንብር ሦስታችንም ለእርስዎ ከአንደኛው የበለጠ ነጥብ ሰጥተናል።

ነጥብ የቀነሰው ሻተር ስፒዱና ብርሃኑ ላይ ነው። የፋይሉ መረጃ እንደሚያሳየው የተጠቀሙት 1/250፣ f/8 እና አይኤስኦ 100 ነው። ሁለት ሜትር ያህል የወረደ ሰው ፍጥነቱ በሰከንድ ከ6 ሜትር ይበልጣል፤ በ1/250 ውስጥ ሁለት ሳንቲሜትር ተኩል ይንቀሳቀሳል ማለት ነው። በስልክ ሲያዩት ጥርት ያለው ፊት በትልቁ ሲታተም የደበዘዘው ለዚህ ነው። በ1/1000 እንቅስቃሴው ወደ 6 ሚሊሜትር ይወርዳል። ልጁን ዝላዩ ጫፍ ላይ ቢይዙት 1/250 ሊበቃዎ ይችል ነበር፣ እዚያ ላይ አካል ለአፍታ ዝግ ይላልና። ግን የመረጡት ቅጽበት የተሻለው ስለሆነ እሱን አይቀይሩት፤ የሻተሩን ፍጥነት ይጨምሩ።

ሁለተኛው የነጫጭ ልብሶቹ በብርሃን መቃጠል ነው። ከኋላ ያለው የዛፎቹ ጥላ ፍሬሙን ስለሞላው ካሜራው ትዕይንቱን ጨለማ አድርጎ ቆጠረውና ብርሃን ጨመረ። ፀሐይ ላይ የቆሙት ምእመናን ነጠላ ሽመናውም ጥለቱም ጠፍቶ ባዶ ነጭ ሆኗል። በጄፔግ ስላነሱት ደግሞ ከዚህ በኋላ የሚመለስ ነገር የለም፤ በሮው ቢሆን ኖሮ ቢያንስ ከፊሉ ይተርፍ ነበር።

ሁለቱንም ችግር አንድ ለውጥ ይፈታቸዋል፦ 1/1000፣ f/5.6፣ አይኤስኦ 100። ሻተሩ ሁለት ስቶፕ ይቀንሳል፣ አፐርቸሩ አንዱን ይመልሳል፤ ፎቶው በአንድ ስቶፕ ይጨልማል፣ ለነጠላዎቹ የሚያስፈልገውም ይኸው ነው። በ70 ሚሊሜትር ሌንስ ከ15 ሜትር ገደማ ስላነሱ f/5.6 ላይም ካህኑ አይደበዝዙም። የጠቆሩትን ፊቶች በኋላ በሮው ማብራት ይቻላል። ካሜራውን ማኑዋል ላይ ያድርጉት፤ አለበለዚያ ሕዝቡ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ኤክስፖዠሩ ይዋዥቃል። የተቃጠለውን ቦታ የሚያብለጨልጨውን ማስጠንቀቂያ ይክፈቱና ነጭ ልብስ ላይ ይፈትሹት። የጠዋት ፀሐይ ቶሎ ስለምትበረታ በየሩብ ሰዓቱ ይድገሙት። ተከታታይ ማንሻውንም የዘላዩ እግር ከግንቡ ሳይለቅ ይጀምሩ፤ ከተነሳ በኋላ የጀመረ ብዙ ጊዜ የሚያገኘው የውሃውን ፍንጣቂ ብቻ ነው።

በግራ ጠርዝ ስልክ የያዘ እጅ ገብቷል። ስንሞክረው ከዚያ በኩል 6 በመቶ መቁረጥ በቂ ሆኖ አገኘነው፤ ሌላ የሚጎዳ ነገር የለም። ቀለሙ ግን ከዚህ የበለጠ አሳስቦናል። ሳቹሬሽኑ ከመጠን በላይ ስለተጨመረ ውሃው የሆቴል መዋኛ መስሏል፣ የልጁ ቆዳም ወደ ብርቱካንማ ሄዷል። በልጁ ዙሪያ የሚታየው ነጭ መስመር ደግሞ ከልክ ያለፈ ሻርፕኒንግ ያመጣው ነው። ሁለቱንም ወደ ዜሮ ይመልሱና ከዚያ በጥቂቱ ይጨምሩ። የውሃው እውነተኛ ድፍርስ አረንጓዴ ለካህኑ ነጭ ጥምጥም በጣም ይስማማል።

መግለጫው «የጥምቀት በዓል» ብቻ ይላል። ቦታውን፣ ቀኑንና እየሆነ ያለውን ይጻፉ፦ «ጎንደር፣ ፋሲለደስ መዋኛ፣ ጥር 11፤ ውሃው ከተባረከ በኋላ አንድ ታዳጊ ወደ መዋኛው ሲዘል»። ልጁ ለአካለ መጠን ያልደረሰ ስለሚመስል ከመታተሙ በፊት የቤተሰቡን ፈቃድ ቢያገኙ ለእርሱም ለእርስዎም ይበጃል።

ሽልማት ያገኙት ፎቶዎች በ60 በ40 ሳንቲሜትር ታትመው ይሰቀላሉ። ከካሜራው የወጣውን፣ ያልተነካውን የ6000 በ4000 ፒክሰል ፋይል ይዘው እንደገና ቢያስተካክሉትና ቢልኩልን የምናትመው እሱን ነው። ደረጃው አይለወጥም፤ ግድግዳው ላይ የሚታየው ግን የተሻለው ፎቶዎ ይሆናል።

ከአክብሮት ጋር፣
የውድድሩ ዳኞች