አሳይመንት 3 ላይ የላክልኝን አይቼዋለሁ

ስማ የላክልኝን ፎቶ አየሁት፣ አንደኛው ጥያቄ ላይ 338 ብለህ ጨርሰሃል፣ መልሱ ግን 380 ነው። ችግሩ የፕላስና ማይነሱ ቅደም ተከተል አይደለም፣ እሱን በትክክል ነው የሰራኸው። ጥያቄው ከ1 እስከ 600 ካሉት ቁጥሮች ለ4ም ለ6ም ለ10ም የማይካፈሉ ስንት ናቸው ነው የሚለው፣ አንተ ለ4ና ለ6 የሚካፈሉትን ስትቆጥር 600ን ለ24 አካፍለህ 25 አልክ። 12 ግን ለሁለቱም ይካፈላል ለ24 ግን አይካፈልም አይደል? ስለዚህ ማባዛት የሚሰራው ቁጥሮቹ የጋራ አካፋይ ሲያጡ ብቻ ነው፣ እዚህ ሁሉም ኢቨን ስለሆኑ ኤልሲኤም ነው መውሰድ ያለብህ። 4ና 6 ላይ 12፣ 4ና 10 ላይ 20፣ 6ና 10 ላይ 30፣ ሶስቱም ላይ 60።

(150 + 100 + 60) − (50 + 30 + 20) + 10 = 220
600 − 220 = 380

አስተማሪው ሆን ብሎ ነው 4፣ 6፣ 10 የሰጠው፣ 2፣ 3፣ 5 ቢሆን ኖሮ ያንተ መንገድም ያስኬድ ነበር። ማረጋገጥ ከፈለግክ ከ1 እስከ 60 ብቻ በእጅህ ቁጠር፣ የሚካፈሉት 22 ይሆናሉ፣ 600 ውስጥ ደግሞ ይሄ 10 ጊዜ ይደጋገማል።

ሁለተኛው x + y + z = 15 ሆኖ እያንዳንዱ ከ0 እስከ 6 ያለ ሙሉ ቁጥር ሲሆን ስንት መፍትሄ አለ የሚለው ነው። እዚህ ጋ ብዙ ሰው የሚስተው ስብስቦቹን ሳይሰይም ወደ ፎርሙላ መሮጡ ነው። "x ትልቅ ሆኗል" የሚለውን ህግ መጣስ A በለው፣ ማለትም x ≥ 7 ነው እንጂ x ≥ 6 አይደለም፣ 6 የተፈቀደ ነው። ገደብ ከሌለ C(17,2) = 136 አለ፣ አንዱ ከጣሰ 7 ቀንሰህለት የቀረው 8 ስለሆነ C(10,2) = 45 ሶስት ጊዜ፣ ሁለቱ ከጣሱ የሚቀረው 1 ስለሆነ C(3,2) = 3 እሱም ሶስት ጊዜ፣ ሶስቱም ሊጥሱ አይችሉም 21 ይሆናላ።

136 − 135 + 9 = 10

ደስ የሚለው ነገር በአንድ መስመርም ይወጣል፦ እያንዳንዱን ከ6 ብትቀንሰው ድምሩ 3 የሆነ ጥያቄ ይሆናል፣ C(5,2) = 10። ግን ጥያቄው በኢንክሉዥን ኤክስክሉዥን ስሩ ስለሚል ይቺን ለማመሳከሪያ ብቻ ከስር ጻፋት።

አሁን ዋናው፣ ሪከረንሱ። ከ0፣ 1፣ 2 የተሰራ n ርዝመት ያለው ስትሪንግ ሆኖ 00 የሌለበት ስንት አለ ነው የሚለው፣ ብዛቱን a_n እንበለው። አንተ a_n = 3a_(n−1) − a_(n−2) ብለሃል፣ ከየት እንዳመጣኸው ገብቶኛል፣ ሁሉንም ጨምረህ በ00 የሚያልቁትን ልትቀንስ ነው፣ ግን የምትቀንሳቸው a_(n−2) አይደሉም። በ00 የሚያልቅ መጥፎ ስትሪንግ እንዲፈጠር n−1 ርዝመት ያለው ጥሩው ስትሪንግ በ0 ማለቅ አለበት፣ ከዛ 0 በፊት ያለው ደግሞ 1 ወይ 2 መሆን አለበት፣ ስለዚህ የሚቀነሰው 2a_(n−3) ነው። እንደዛ ብታደርገው ትክክል ይሆናል ግን የተንዛዛ ነው። ይልቅ መጨረሻው ምንድነው ብለህ ጠይቅ። መጨረሻው 1 ወይ 2 ከሆነ ከፊቱ ያለው ማንኛውም ጥሩ ስትሪንግ ይሆናል፣ 2a_(n−1)። መጨረሻው 0 ከሆነ ከሱ በፊት የግድ 1 ወይ 2 አለ፣ ከዛ በፊት ያለው ነጻ ነው፣ 2a_(n−2)። ሁለቱ ኬዞች አይደራረቡም፣ ምንም የሚቀነስ ነገር የለም።

a_n = 2a_(n−1) + 2a_(n−2), a_0 = 1, a_1 = 3

ኢኒሺያል ኮንዲሽኑን እንዳትረሳ፣ ሁለት እርምጃ ወደኋላ ስለሚሄድ ሁለት ያስፈልጉታል፣ ያለነሱ ማርክ ይቆረጣል። ቁጥሮቹ 1፣ 3፣ 8፣ 22፣ 60 እያሉ ይሄዳሉ። ያንተ ግን n = 2 ላይ 8 ይሰጥና n = 3 ላይ 21 ይላል፣ አየህ ሁለተኛው ላይ ስለገጠመልህ ነው ያመንከው፣ ቢያንስ እስከ 4 ድረስ ሞክረው ሁልጊዜ።

የዚሁ ጥያቄ የመጨረሻው ክፍል «a_4ን በሌላ መንገድ አረጋግጥ» የሚለው ኢንክሉዥን ኤክስክሉዥንና ሪከረንስ ሁለቱን ቻፕተር ለማገናኘት ነው መሰለኝ። 4 ርዝመት ላይ 00 ሊቀመጥ የሚችልባቸው ሶስት ቦታዎች አሉ፣ እያንዳንዱ 9 ስለሆነ 27። ጥንዶቹ ላይ ተጠንቀቅ፣ ጎን ለጎን ያሉት 000 ስለሚሆኑ 3 እና 3፣ አንደኛውና ሶስተኛው ግን 0000 ብቻ ስለሆነ 1፣ ድምር 7። ሶስቱም 1።

27 − 7 + 1 = 21, 81 − 21 = 60

ክሎዝድ ፎርም አልተጠየቀም፣ x² = 2x + 2 ብለህ 1 ± √3 እያልክ ጊዜህን አታጥፋ። ሁለተኛውን እንደገና ጽፈህ ላክልኝና A፣ B፣ C ብለህ መሰየምህን ልይ፣ እሱ ላይ ነው ስቴፕ እየዘለልክ ያለኸው።