የጥር 17 ቀን 2018 ዓ.ም. የሠርግ ግብዣ የእንግዶች አቀማመጥ ድልድል

ለሁለቱም ቤተሰቦች ተወካዮች፣ ለበር ተቀባዮችና ለየረድፉ አስተናጋጆች

ይህ ድልድል እሑድ ጥር 17 ቀን በአዲስ አበባ፣ ቦሌ በተከራየነው አዳራሽ ለሚደረገው የምሳ ግብዣ የተዘጋጀ ሲሆን፣ ከሙሽራውም ከሙሽራዋም ወገን ያሉ ታላላቆችን አነጋግረን የደረስንበት ነው። በውስጡ የቤተሰብ ገመና ስላለ ከእናንተ እጅ እንዳይወጣ፣ ፎቶ ተነሥቶም ለማንም እንዳይላክ በብርቱ አደራ እላለሁ። በር ላይ የሚለጠፈው የእንግዶች ስምና የጠረጴዛ ቁጥር ብቻ ነው። ማን ከማን ለምን እንደተራራቀ እዚህ የጻፍኩት፣ በዕለቱ አንድ እንግዳ ቦታ ልቀይር ቢል ምን ሊበላሽ እንደሚችል አውቃችሁ እንድትመልሱ ነው።

አዳራሹ እያንዳንዳቸው 10 ወንበር የሚይዙ 40 ክብ ጠረጴዛዎች አሉት። ከበሩ ወደ መድረኩ ሲታይ ከመካከለኛው ምንጣፍ በስተቀኝ ያሉት ከ1 እስከ 20 የሙሽራው ወገን፣ በስተግራ ያሉት ከ21 እስከ 40 የሙሽራዋ ወገን ናቸው። በየወገኑ አምስት ረድፍ፣ በየረድፉ አራት ጠረጴዛ አለ፤ ቁጥሩ ከመድረኩ ፊት ይጀምርና በየረድፉ ከምንጣፉ ወደ ግድግዳው ይሄዳል። በመድረኩ ላይ ከሚቀመጡት ሙሽሮችና ስምንት ሚዜዎች ሌላ ጥሪ የደረሳቸውና እንደሚመጡ ያረጋገጡት እንግዶች 356 ናቸው። የፊተኛው ረድፍ ስምንት ጠረጴዛዎች ስምንት ስምንት ሰው ብቻ ይይዛሉ፤ ሙሽሮቹ ጉልበት ለመሳም ሲመጡ በወንበሮቹ መካከል ማለፊያ ያስፈልጋልና። ጠረጴዛ 7 እና 8 ስድስት ስድስት ሰው፣ የቀሩት 28 ጠረጴዛዎች ደግሞ አሥር አሥር ሰው ይይዛሉ። በበሩ ግራና ቀኝ ያሉት 20 እና 40 ባዶ ይቆያሉ።

በሁለቱ የፊት ማዕዘኖች የዲጄው ድምፅ ማጉያዎች ስለሚቆሙ ጠረጴዛ 4 እና 24 ለመድረኩ ቢቀርቡም ለሽማግሌ የሚሆኑ አይደሉም። እዚያ የሙሽሮቹ የትምህርት ቤት ጓደኞች ይቀመጣሉ፤ ለጭፈራውም ቅርብ ይሆናሉ። አንድ ታላቅ ሰው «ፊት ካለ ባዶ ቦታ አስቀምጡኝ» ብለው ወደዚያ ቢያመሩ፣ ድምፁ እንደሚያስቸግራቸው በትሕትና ነግራችሁ ወደ ተያዘላቸው ቦታ ምሯቸው።

ብዙ ጊዜ የወሰደብን የሙሽራዋ ወላጆች ጉዳይ ነበር። እንደምታውቁት ከተፋቱ ዓመታት አልፈዋል፤ አባትየው ሌላ ትዳር ይዘው ሁለት ልጆች አፍርተዋል፤ ሙሽራዋን ያሳደጓት እናቷ ናቸው። አባትየውን ሁለተኛ ረድፍ እናድርጋቸው የሚል ሐሳብ ከእኛው ወገን ቀርቦ ነበር፤ አልተቀበልኩትም። ልጁን የሚድር አባት በሁለት ቤተሰብ ፊት ከኋላ ቢቀመጥ የሚዋረደው እሱ ብቻ አይደለም፤ ሙሽራዋም ቀኑን ሙሉ አንገቷን ደፍታ ትውላለች። ስለዚህ እናት ጠረጴዛ 21፣ አባት ጠረጴዛ 23 ላይ ይቀመጣሉ። ሁለቱም የፊት ረድፍ ነው፤ ሁለቱም ከመድረኩ እኩል ይርቃሉ። በመካከላቸው ባለው 22 ላይ የሙሽራዋ የንስሐ አባት፣ አብረዋቸው የሚመጡት ካህናትና ለሽምግልና የተላኩትን የሙሽራውን ሽማግሌዎች ተቀብለው ያነጋገሩ የእኛ ታላላቆች ይቀመጣሉ። ያንን ጠረጴዛ ማንም በቀላሉ አቋርጦ ስለማያልፍ፣ ስለ መራራቁም ማንም ጥያቄ አያነሣም።

የአባትየው ባለቤት ከባላቸው ጎን ጠረጴዛ 23 ላይ ይቀመጣሉ። ይህንን ከሙሽራዋ እናት ጋር ሁለት ጊዜ ተነጋግረንበታል፤ በመጨረሻ «ሕጋዊ ሚስቱ ናት፤ እንግዳ ሆና ከመጣች ቦታዋ እዚያው ነው» ብለዋል። ይህ ቃላቸው ለእኔ ታላቅ ነገር ነውና ማንም ከዚያ ወዲህ በስማቸው ሌላ ነገር እንዳይናገር። የ21 እና የ23 ወንበሮች ሁለቱም ሴቶች ወደ መድረኩ እንጂ ወደ ጎን እንዳይመለከቱ ተደርገው ይደረደራሉ። የቪዲዮ ባለሙያውም ሁለቱን ጠረጴዛዎች በአንድ ምስል እንዳያስገባ ተነግሮታል።

ጉልበት መሳሙ በማን ይጀምር የሚለው ክርክር በዕድሜ ተፈትቷል። ሙሽሮቹ ከመድረኩ ወርደው መጀመሪያ ጠረጴዛ 2 ላይ ወደሚገኙት የሙሽራው አያት፣ ማለትም ወደ እናቱ አባት ይሄዳሉ፤ በአዳራሹ ከሚገኙት ሁሉ ታላቁ እሳቸው ናቸው። ቀጥሎ ጠረጴዛ 1 ላይ የሙሽራው አባትና እናት፣ ምንጣፉን ተሻግረው ጠረጴዛ 21 ላይ የሙሽራዋ አያት፣ ከዚያም እናቷ፣ በ22 አባቶችና ሽማግሌዎች፣ በመጨረሻ በ23 አባቷ ይሆናሉ። አባትየው መጨረሻ መሆናቸውን በደስታ ተቀብለዋል፤ የመዝጊያውን ምርቃት የሚመርቁት እሳቸው ስለሆኑ ድምፅ ማጉያው በእጃቸው ይሰጣቸዋል። መድረክ መሪው ይህን ቅደም ተከተል በወረቀት ይዞ እንዲቆም፣ ከራሱም «የሙሽራዋ ወላጆች አብረው ይነሡ» የሚል ቃል እንዳይጨምር።

በሙሽራው ወገን ያለው አስቸጋሪ ጉዳይ የአባቱ ሁለት ወንድሞች ነው። ጎንደር ባለው የአባታቸው ቤት ውርስ ምክንያት በፍርድ ቤት እየተከራከሩ ነው፤ ለቅሶ ላይ እንኳ ሰላም አይባባሉም። ታላቁ አጎት ሽማግሌ ሆነው ሙሽራዋን የጠየቁ በመሆናቸው ጠረጴዛ 1 ላይ ከሙሽራው ወላጆች ጋር ይቀመጣሉ። ታናሹ ከጎንደር በአውቶቡስ ለሚመጡት ዘመዶች የቤት ባለቤት ሆነው ጠረጴዛ 3ን ይመራሉ፤ መንገድ የደከመውን እንግዳ «ብሉልኝ፣ ጠጡልኝ» የሚሉት እሳቸው ናቸው። ይህ የሥራ ድርሻ ለማስመሰል የተሰጠ አይደለም፤ ከአርባ በላይ ሰው ያሰባሰቡትና ያሳፈሩት እሳቸው ስለሆኑ ይገባቸዋል። የቀሩት የጎንደር እንግዶች ከ3 በስተኋላ በ5፣ በ6፣ በ10 እና በ11 ይሆናሉ። ታላቁ አጎት ለጥሬ ሥጋ በዋናው በር ወደ በረንዳው መውጣት ስለሚወዱ ቁርጡ ጠረጴዛቸው ድረስ ይመጣላቸዋል፤ ታናሹ ግን በጎን በር ይወጣሉ፤ በዚህ መንገድ በአንድ ጠባብ መተላለፊያ አይገናኙም።

በዚሁ ቀን በአንድ ጠረጴዛ አስቀምጠን እናስታርቃቸው የሚሉ ወዳጆች አሉ። ልባቸው ንጹሕ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ነገር ግን እርቅ የራሱ ጊዜና የራሱ ሽማግሌ አለው። ሰው በተሰበሰበበት እጅ ተይዞ የሚሳሳም ሰው ማታውኑ ይቆጨዋል፤ እምቢ ካለ ደግሞ ጠቡ በልጁ ሠርግ ስም ይጠራል። ከመልሱና ከቅልቅሉ በኋላ ሽማግሌዎቹ ጎንደር ለመሄድ ቃል ገብተዋል፤ እስከዚያው ድረስ ማንም እንዳይሞክር።

የሙሽራዋ አያት ታናሽ እህት ከደሴ ከ30 ዘመዶቻቸው ጋር ይመጣሉ፤ ሁሉም ሙስሊሞች ናቸው። ዘመዶቹ በሁለተኛው ረድፍ ጠረጴዛ 26፣ 27 እና 28 ይይዛሉ። ከብቱ በሙስሊም አራጅ ይታረዳል፤ ማብሰያው፣ ማቅረቢያውና አስተናጋጁ የተለየ ነው፤ ቡፌያቸውም ከ28 አጠገብ በግድግዳው በኩል ይዘጋጃል። ሁለቱ ቡፌዎች በአንድ ደቂቃ እንዲከፈቱ አጥብቄ አሳስባለሁ። ሌላው ሲበላ ሰሐን ይዞ የሚጠብቅ እንግዳ ምግቡ ምንም ያህል ቢያምር ሁለተኛ እንደተደረገ ይሰማዋል። በሦስቱ ጠረጴዛዎች ላይ ቢራም ሆነ ጠጅ አይቀመጥም። ለዐሥርና ለመግሪብ ሶላት ከ28 ጎን ያለው ክፍል ተጠርጎ ምንጣፍ ይነጠፍበታል።

የአያቷ ታናሽ እህት ራሳቸው ግን ከእህታቸው ጎን ጠረጴዛ 21 ላይ ይቀመጣሉ፤ ሁለቱም አብረን ካልሆንን ብለዋልና። ስለዚህ በ21 ላይም መጠጥ አይኖርም፤ ምግባቸው ከራሳቸው ቡፌ በራሳቸው አስተናጋጅ ይመጣላቸዋል። አያታችን ጠጅ እንደሚወዱ ሁላችንም እናውቃለን፤ «ለአንድ ቀን እህቴ ትበልጥብኛለች» ብለዋል።

ከጎን በሩና ከመጸዳጃው አጠገብ ያሉት 7 እና 8 በምርኩዝና በተሽከርካሪ ወንበር ለሚመጡት ናቸው። በኅዳር ባለቤታቸውን ያጡት የሙሽራው አክስትም ጥቁራቸውን ሳያወልቁ መምጣት ስለፈለጉ 7 ላይ ከልጃቸው ጋር ይሆናሉ። ካሜራ እንዳያነጣጥርባቸው፣ ለጭፈራም ማንም እጃቸውን እንዳይጎትት። መሄድ ሲፈልጉ በጎን በሩ የሚያደርሳቸው ሰው ተመድቧል።

በእድራችን ጠረጴዛ 33 ላይ የሚቀመጡት የሙሽራዋ ጎረቤት ጉዳይም ጥንቃቄ ይፈልጋል። ልጃቸው ሙሽራዋን አጭቶ እንደነበር ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። እሳቸው ግን ሙሽራዋን አዝለው ያሳደጉ ናቸው፤ ከማንም በፊትም ሽንኩርት ሊልጡ የመጡት እሳቸው ናቸው። ከቅርብ ጓደኞቻቸው መካከል እንዲቀመጡ አድርገናል፤ ሙሽሮቹም ጠረጴዛዎቹን ሲዞሩ እንደ ማንኛውም እናት ቆመው ይስሟቸዋል። የተለየ እንክብካቤ ማሳየት እዚህ ላይ ከመርሳት የባሰ ነው።

የሙሽራው የሥራ ባልደረቦች 13፣ 14 እና 15 ላይ፣ የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ከባለቤታቸው ጋር በምንጣፉ ዳር 9 ላይ ይቀመጣሉ። ኃላፊውን ወደ ፊት እናምጣቸው የሚለውን ሐሳብ ሙሽራው ራሱ አልፈለገውም፤ ከአያቱ ቀድሞ የሚቀመጥ አለቃ እንደሌለ ተናግሯል። ከዋሽንግተንና ከስቶክሆልም የሚመጡት የአክስት ልጆች ለብቻቸው ጠረጴዛ አይኖራቸውም፤ 25 እና 29 ላይ እዚሁ ካሉት እኩዮቻቸው ጋር ተቀላቅለዋል። የቀሩት የእድር፣ የሰፈርና የማኅበር እንግዶች በስም ዝርዝሩ ላይ እንደተመለከተው ይስተናገዳሉ።

እንግዶች ከ7፡00 ሰዓት ጀምሮ ይገባሉ፤ ሙሽሮቹ 9፡00 ሰዓት ይደርሳሉ። በር ላይ ከየወገኑ አንድ አንድ ዘመዱን በመልክ የሚያውቅ ሰው ይቆማል፤ ታላላቆችን ቁጥር ነግሮ መስደድ ክልክል ነው፤ እስከ ወንበራቸው ታደርሷቸዋላችሁ። ጥሪ ሳይደርሰው ከዘመድ ጋር ተያይዞ የመጣ ሰው ካለ አይመለስም፤ 40 ወይም 20 ላይ ይቀመጣል፤ ያመጣው ዘመድ ግን ከተመደበለት ቦታ አይነሣም። ለውጥ የምትፈልጉ ካላችሁ እስከ ሐሙስ ጥር 14 ማታ ድረስ ለእኔ ብቻ ደውሉ። ከዚያ በኋላ የሚለወጥ ነገር ቢኖር በሁለቱ ወገን ተወካዮች ስምምነት ይሆናል፤ ጠረጴዛ 1፣ 3፣ 21፣ 22 እና 23 ግን በምንም ምክንያት አይነኩም።

የሙሽራዋ አጎት
የሠርጉ ኮሚቴ የመስተንግዶ ኃላፊ