ለእትዬ፦ ጠዋት ጠዋት የሚነበብ

እትዬ፣

እሁድ ስደውል "አንተ እንኳ ትድኛለሽ አትበለኝ" አልሽኝ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ብዙ አሰብኩበት። እውነትሽን ነው። ስትሮኩ ከመታሽ ስምንት ወር ሊሞላ ነው፣ የመጣው ጠያቂ ሁሉ "በቅርቡ ዘለሽ ትነሺያለሽ" ብሎ ይሄዳል፣ አንቺ ደግሞ እሱ ከወጣ በኋላ ቀኝ እጅሽን እያየሽ ትቀሪያለሽ። እጅሽ የት ድረስ እንደሚመለስ ሐኪሙም ቁርጡን አልነገረሽም፣ እኔ ከየት አምጥቼ ቃል እገባለሁ? ስለዚህ የማላውቀውን ትቼ ያየሁትን ብቻ ጻፍኩልሽ። ልጅሽ ጠዋት ጠዋት አንድ አንዱን ታንብብልሽ። ያልጣመሽን ዝለዪው።

ከአልጋ ስትነሺ፦
ጥር ላይ ሁለት ሰው ነበር የሚያነሳሽ። አሁን አንድ ሰው ክንድሽን ይይዛል፣ የቀረውን አንቺ ትሠሪዋለሽ። የዛሬው መነሳት ያንቺ ነው።

ወደ በሩ ስትሄጂ፦
14 እርምጃ ለሌላው ሰው ምንም ላይሆን ይችላል። ላንቺ ግን ከሳሎን እስከ ኒሙ ዛፍ ጥላ ድረስ ነው። በሰኔ ፀሐይ ጥላ ላይ መድረስ ምን ማለት እንደሆነ የድሬ ሰው ያውቀዋል።

ነገ 12 ቢሆንስ? 12 ነዋ። የትናንቱን 14 የሚወስድብሽ የለም፣ ተረግጧል፣ አልቋል።

(ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚለውን ሆን ብዬ ተውኩት። ሺህ ጊዜ ተብሎልሻል። እንቁላሉ 21 ቀን ይበቃዋል፣ ያንቺ ግን ቀን አልተቆረጠለትም፣ እና ቀን ያልተቆረጠለትን ነገር መጠበቅ ምን ያህል እንደሚከብድ ሳላይ ዝም ብዬ ተረት መደርደር አልፈልግም።)

ቡና ሲፈላ፦
ልጅሽ የማክሰኞውን ቪዲዮ ልካልኛለች። ስንት ጊዜ እንዳየሁት አትጠይቂኝ። ቶናው ተቀድቷል፣ ሲኒው እስከ ግማሹ ነው፣ በግራሽ ልታነሺው እጅሽን ከዘረጋሽ በኋላ መለስሽው። ከዚያ ቀኙን ላክሽ። አውራ ጣትሽ መጀመሪያ ደረሰ፣ ሌባ ጣት ተከተለው፣ ሦስተኛው እምቢ ብሎ ትንሽ ቆየና መጣ። ሲኒ እጀታ የለው፣ ሲሞቅ ያቃጥላል፣ ጤነኛውም በጣቱ ጫፍ ነው የሚይዘው። ወደ አፍሽ ስታመጪው ተንቀጠቀጠ፣ የተወሰነው ድሪያሽ ላይ ፈሰሰ፣ የተወሰነው አፍሽ ገባ። ሁሉም የፈሰሰውን ለመጥረግ ሲሯሯጥ አንቺ ዓይንሽን ጨፍነሽ ስትውጪ አየሁሽ።

እንግዲህ ቃሉ ይኸው፦ የፈሰሰውን ድሪያው ያውቀዋል፣ እኛ የምንቆጥረው የጠጣሽውን ነው።

ቃል ሲጠፋብሽ፦
ማንኪያን "ያን ነገር" አልሽው፣ ማንኪያውም መጣልሽ። የፈለግሽው እጅሽ ከገባ ንግግሩ ሠርቷል ማለት ነው። አማርኛው እምቢ ሲልሽ በኦሮምኛ በይው፣ እሱም ካልመጣ በሶማሊኛ። መጋላ ገብተሽ በሦስቱም ስትከራከሪ የኖርሽ ሴት ነሽ፣ ዛሬ የቀናውን ተጠቀሚ። እኛ እንጠብቅሻለን። አፍሽ ላይ ያለውን ቃል ማንም ቀድሞ አይጨርስብሽ፣ ለሁሉም ነግሬያለሁ።

ከፊዚዮቴራፒ ስትመለሺ፦
ድካምሽ ስንፍና አይደለም። ጭንቅላትሽ ዱሮ ሳያስብ የሚያደርገውን ነገር አሁን እያሰበ ነው የሚሠራው። ባለሙያዋ እንዳለችሽ የመጀመሪያዎቹ ወራት ለውጥ ፈጠን ይላል፣ ከዚያ ዝግ ይላል። ዝግ አለ ማለት ቆመ ማለት አይደለም፣ ግን ዝግ ማለቱ ያናድዳል፣ ተናደጂ። ተናደሽም ተኚ።

ቀኑ ሲጠምብሽ፦
ደቻቱ ዓመቱን አብዛኛውን አሸዋ ነው። ሰው ያቋርጠዋል፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። ደረቀ ብሎ ግን ስሙን የቀየረበት የለም፣ በሐምሌም በጥርም ወንዝ ነው የሚባለው። እጅሽ እምቢ ባለሽ ቀንም አንቺ እትዬ ነሽ።

አጭር ለምትፈልጊበት ቀን፦
ዛሬ ምንም አልጨመረም። ምንም አልቀነሰም ደግሞ። ይሄም ተመዝግቧል።

ጠያቂ ሲመጣ፦
"ድነሻል?" ሲሉሽ አዎም አይደለምም ማለት የለብሽም። "የልብሴን ቁልፍ ራሴ ቆለፍኩ" በያቸው። የገባው ይገባዋል። ከአራቱ ሦስቱን ራስሽ የቆለፍሽ ቀን የጓሮ ጎረቤታችን ሦስቱን አንድ በአንድ በዓይኗ ቆጥራ "አልሐምዱሊላህ" ነበር ያለችው፣ ስለ አራተኛው አንድም ቃል አልተነፈሰችም። ከስምንት ወር ጠያቂ ሁሉ እሷን የሚያህል አላየሁም።

ግራ እጅሽን ስታዪ፦
ሽንኩርት መክተፍ የተማረው በዚህ ዕድሜው ነው። ሲከትፍ ወፍራም ወፍራም ያደርገዋል፣ ወጡ ግን የእትዬ ወጥ ነው። ቀኙ ተመለሰም አልተመለሰም፣ የግራው ሙያ ያንቺው ነው።

"እዚህ ላይ ቢቆምስ?" ብለሽ ሌሊት የምታስቢው ለታ፦
ይሄን ከሁሉም በላይ አስቤበት ነው የጻፍኩት፣ ስለዚህ ቀስ ብላ ታንብብልሽ።

አባባ የምድር ባቡር ሰው አልነበር? ሲነግረን ትዝ ይልሻል፣ ሐዲዱ ሐረር ይገባል ተብሎ ነበር የታሰበው። ተራራው ከበደ። ሐዲዱ ከታች ሜዳው ላይ ቀረ፣ እ.ኤ.አ. 1902 ላይ ነው፣ ሐረርም አልወጣም። አዲስ አበባም የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1917 ነው፣ 15 ዓመት ቆይቶ። እና ሐዲዱ የቀረበት ሜዳ ምን ሆነ? መጀመሪያ አዲስ ሐረር አሉት፣ የታሰበውን ቦታ ስም ሰጡት። ሰው ሰፈረበት፣ ከዚራ ተሠራ፣ ገበያ ቆመ፣ ቆየት ብሎ የራሱን ስም ያዘ፣ ድሬዳዋ። አቦ እትዬ፣ አንቺና እኔ የተወለድነው ሐዲዱ በቀረበት ቦታ ነው። አንድም ቀን "ከተማችን ያልተደረሰበት ሐረር ነው" ብለን አድገን እናውቃለን?

እጅሽ ይቆማል እያልኩሽ አይደለም። አይቆምም እያልኩሽም አይደለም። የቆመበት ቦታ ላይ ቤት ይሠራል ነው የምልሽ። እኛም አብረን እንገባበታለን።

በዚህኛው ላይ ማልቀስ ይቻላል፣ እኔም ስጽፈው አልቅሻለሁ።

ማታ ከመተኛትሽ በፊት፦
ዛሬ ከሠራሽው አንድ ነገር ለልጅሽ ንገሪያት፣ ደብተሩ ላይ ትጻፈው። "ፀጉሬን ነካሁ" ይበቃል። "ሳቅኩ" ይበቃል።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ እገባለሁ። ወንበሮቹን ኒሙ ሥር አውጡልን፣ 14 እርምጃ ከሆነልሽ 14፣ ካልሆነልሽ ወንበሩን ወደ በሩ እናስጠጋዋለን። ፈጢራ ይዤ ነው የምመጣው፣ ማር የበዛበት፣ እንደምትወጂው። የመጀመሪያውን ቁራሽ የምትቆርሺው አንቺ ነሽ፣ በፈለግሽው እጅ።

ወንድምሽ